የሶፋው ማስታወሻ፦ ሐዋሳ፣ ከጾም መግቢያ እስከ ፋሲካ

እኔና ታምራት ጥር ላይ ተጋባን። የካቲት ላይ አቶቴ አካባቢ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ያለው ቤት ተከራየን። ምድጃ፣ ድስት፣ ሳህንና ብርድ ልብስ ከሠርጉ ስጦታ አገኘን። መቀመጫ የለም፣ አልጋ የለም፣ ደህና ፍራሽም የለም። በእጃችን ያለው 38,000 ብር ነው። ግማሹ የእኔ እቁብ ነው፤ ቀሪው ለሠርጋችን የተሰጠን ነው። ቤቱን በዚህ ብር እንዴት እንደምናሟላው በየጊዜው እዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ጀማሪ ባልና ሚስት ቢያነብበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ፣ የጾም መግቢያ ሰሞን

ቁጭ ብለን ዝርዝር ጻፍን። እኔ ያስቀደምኩት ፍራሽ ነው። የምንተኛው አክስቴ በሰጡኝ ስስ ፍራሽ ላይ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ጠዋት ስናነሳው ከሥሩ ይረጥባል። ቀዝቃዛ ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ የሰውነት እርጥበት ከታች ይጠራቀምበታል። መውጫ ካላገኘ ይሻግታል። ስለዚህ በእኔ ሐሳብ መጀመሪያ ፍራሽ፣ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ መቀመጫ ነው።

ታምራት ዝርዝሩን አይቶ «መቀመጫ ይቅደም» አለ። «ለምን?» ስለው «እንግዳ ይመጣላ» ብሎ ዝም አለ። ሳንስማማ ተኛን።

ሰኞ ማታ

ከሥራ ገባሁ። የምሠራው በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው፤ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ። ታምራት ቀድሞኝ ገብቶ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ሄሉ፣ ሶፋ አገኘሁ።»

«የት?»

«መሃል ከተማ ያለው ዕቃ ቤት። ቀብድ ከፈልኩ።»

6,000 ብር ከፍሏል። ሶፋው 52,000 ነው። ቀሪው በስድስት ወር ይከፈላል።

«ሳትነግረኝ?»

«አሁን እየነገርኩሽ አይደል?»

«ከከፈልክ በኋላ?»

ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩት። የሚቀረው 46,000 ነው። ለስድስት ወር ሲካፈል በወር 7,700 ብር ገደማ ይመጣል። ከቤት ኪራያችን ይበልጣል። አሳየሁት። አላየውም።

«እናቴ ለፋሲካ ትመጣለች። መሬት ላይ ላስቀምጣት?»

«እኛስ መሬት ላይ አይደል የምንተኛው?»

«እኛ ልጆች ነን።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው ታሜ። ወገቤ አያውቅም ልጅ መሆኔን።»

በሩን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ተኝቼ ነበር፤ ነቅቼ ግን። አላናገርኩትም። በማግስቱም አልተነጋገርንም። ሻይ አፈላልኝ፤ ጠጣሁ፤ አመሰገንኩት፤ በቃ።

ሐሙስ

ኩርፊያው የተፈታው ሳይታሰብ ነው። እራት በልተን ታምራት እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

«የእማዬ ጉልበት ብሶበታል። ዝቅ ያለ ቦታ ከተቀመጠች ብቻዋን አትነሳም። ሰው ፊት ‹አንሱኝ› ብላ እጇን ስትዘረጋ ታፍራለች። ለዚህ ነው ሰው ቤት መሄድ የተወችው።»

ይህን አላውቅም ነበር። በሠርጋችን ቀን እናቱ ከአንድ ወንበር ሳይነሱ መዋላቸውን አስታወስኩ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

«ይሄን ሰኞ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ስልክሽን አውጥተሽ ሒሳብ ጀመርሽ።»

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ግን ጥያቄው ተቀየረ። ከዚህ በፊት የተጣላነው ሶፋ ይገዛ አይገዛ በሚል ነበር። አሁን የሚያስፈልገን እናቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ብቻቸውን የሚነሱበት መቀመጫ ነው።

«ቀብድ የከፈልክበት ሶፋ ያስነሳቸዋል?» አልኩት። ዝም አለ። «ቅዳሜ ሜትር ይዘን እንሂድ» አልኩት። እሺ አለ።

ቅዳሜ፣ በሜትር

ጠዋት ይርጋለም ላለችው እህቱ ደወለ። «እማዬ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር የቱ ነው? ለኪልኝ» አላት። አሮጌ የእንጨት ወንበር ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ አለው። ከወለል እስከ መቀመጫው 42 ሴንቲ ሜትር። ከፊት ጠርዙ እስከ መደገፊያው 47። ሰው የሚመቸውን ራሱ መርጦ ሲቀመጥ የኖረበት ወንበር ካለ፣ ከዚያ የተሻለ መለኪያ የለም።

ዕቃ ቤት ገባን። ሶፋው ያምራል፤ ግራጫ፣ ወፍራም። ለካነው። ከወለል እስከ መቀመጫው 38 ነው። ታምራትን አስቀምጬ ስለካው ስፖንጁ ሰምጦ 29 ሆነ። ወደ ኋላ ያለው ጥልቀት 63 ነው።

«ተነስ እስቲ፣ እጅህን ሳትጠቀም» አልኩት። ወጣት ነው፣ ተነሳ፤ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ተወዛውዞ ነው።

ሰው ከመቀመጫ ሲነሳ መጀመሪያ እግሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያ ደረቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ክብደቱ እግሩ ላይ ሲያርፍ ይነሳል። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ጥልቀቱ ከበዛ ደግሞ ጀርባ መደገፊያው ጋ እስኪደርስ እግር ከወለል ይለቃል። ሲነሱም መጀመሪያ ወደ ጠርዙ መንፏቀቅ የግድ ነው። የሚሰምጥ ስፖንጅ ሲጨመርበት የታመመ ጉልበት አይችለውም።

ታምራት ሶፋውን ቆሞ አየው። «ይሄ እናቴን አያስነሳትም» አለ።

ቀጥሎ የቀብዱ ነገር መጣ። ፍርድ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ሰው ከተወው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ባለ ዕቃ ቤቱ «አልመልስም» ቢል መብቱ ነው። ልንጨቃጨቅ አልሄድንም። ከዚያው ቤት ሌላ ዕቃ ብንወስድ ቀብዱን ይቆጥርልን እንደሆነ ጠየቅነው። አሰበና «ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ። ታምራት ወደ እኔ ዞሮ «ፍራሽ» አለ።

ፍራሹ 13,000 ነበር። 6,000ው ተቆጠረልን፤ 7,000 ጨመርን። ዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት በወረቀት አጻፍነው፤ የሶፋው ውል መቅረቱንና ቀብዱ ወደ ፍራሹ መዛወሩን፣ ከቀኑና ከፊርማው ጋር። እንዲህ ያለ ነገር በቃል ብቻ መቅረት የለበትም።

ፍራሹን በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስረን ስንመለስ ታምራት «ከእንግዲህ ሁለታችንም ሳናየው ቀብድ የለም» አለ። እኔም የሚያስጨንቀውን ነገር ሳልጠይቅ ሒሳብ ውስጥ እንዳልገባ ቃል ገባሁለት።

በእጃችን የቀረው 25,000 ብር ነው።

እሑድ፣ ሐሳቡ

አዲስ ሶፋ አንችልም። ቢቻልም በቁመት የሚሆነን አላገኘንም። ያገለገለ ሶፋ ገዝተን ጨርቁንና ስፖንጁን አውልቀን እንጨቱን ብቻ እናስቀራለን። ከዚያ በእናቱ ወንበር ልክ እንሠራዋለን። ስፌቱ የእኔ ነው፣ እንጨቱ የታምራት። ከእንጨቱ የምንፈልገው ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ያልተነቃነቀና ነቀዝ ያልበላው መሆኑን ነው። የጨርቁ መልክ አያገባንም።

ረቡዕ፣ ትኋን

አሮጌ ገበያ አካባቢ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሄድን። የመጀመሪያው ሶፋ ዋጋው ጥሩ ነበር። ታምራት ገለበጠው፤ እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ።

የሚታየው ላይኛው ጨርቅ አይደለም። ከሥሩ የተወጠረውን ስስ ጨርቅ ጫፉን ገለጥ ማድረግ ነው። ከዚያ የስፌቱን መጋጠሚያ፣ የሚስማሩን ቀዳዳና የእንጨቱን ማዕዘን ማየት ነው። ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። ራሱ ባይታይ ምልክቱ ይታያል። በብዕር የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ በእርጥብ ሶፍት ይጠረጋል። ዝገት መሳይ ቀለም ይዞ ከተንዛዛ የትኋን ኩስ ነው። የተጣለ ቢጫ ቆዳና የሩዝ ፍሬ እንኳን የማያህል ነጭ እንቁላልም ይገኛል። እዚህኛው ላይ ነጥቡም ቆዳውም ነበር። ሻጩ «አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ብታቆዩት ይሞታል» አለን። አይሞትም። ትኋን ደም ሳያገኝ ወራት ይቆያል። ፀሐዩ ላዩን ቢያሞቀውም እንጨቱ መጋጠሚያ ውስጥ አይገባም። አመስግነን ተውነው።

ሁለተኛው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ነው። ጨርቁ ተቀዳዷል፣ ስፖንጁ ስትነካው ዱቄት ይሆናል። እንጨቱ ግን ከባድና ጠንካራ ነው። በጣት ስንቆረቁረው ባዶ ድምፅ አይሰጥም። የነቀዝ ቀዳዳ የለውም፤ ከሥሩም የእንጨት ዱቄት አልረገፈም። በማዕዘኑ ይዘን ስናነሳው አልተጠማዘዘም። ነጥብም አላገኘንበትም። 8,000 ብለውን 5,500 ላይ ተስማማን። በጋሪ ለማስጫን 400 ከፈልን።

ቅዳሜ፣ ማውለቅ

ባይታይም ጠንቀቅ ማለት ይሻላል ብለን ወደ ቤት አላስገባነውም። አከራያችን እትዬ ግቢውን ፈቀዱልን። ጨርቁን ቀደን አላወለቅነውም፤ ስፌቱን በምላጭ እየፈታሁ ቁራጭ በቁራጭ አወጣሁት። በፈላ ውሃ አጥቤ አሰጣሁት። ክንድ ማሳረፊያው ጠመዝማዛ ስለሆነ ለአቆራረጡ አሮጌው ጨርቅ ንድፍ ይሆነኛል። ሌላው ሁሉ ከስፖንጁ ጋር በላስቲክ ታስሮ ተጣለ።

ታምራት ሚስማሩን አንድ በአንድ በጉጠት ነቀለ። ከዚያ እኔ ውሃ አፈላሁ፤ እሱ መጋጠሚያው ላይ ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ፈላ ውሃ የነካውን ትኋንም እንቁላልም ይገድላል። ጎረቤት «ነጭ ጋዝ ቀቡት» አለን። አልቀባንም። ሽታው አይለቅም፣ እሳትም ያስነሳል።

የትኋን እንቁላል በሞቃት ቦታ በሳምንት፣ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ስለዚህ እንጨቱን በረንዳ ላይ እናቆየውና ሁለት ሳምንት ሲሞላው ደግመን እናየዋለን። እስከዚያ እንጨቱም ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ላይ ስፖንጅ ከተጫነ ሻጋታው ከውስጥ ይጀምራል።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። በላስቲክ ሸፈንነው፤ ፀሐይ ስትወጣ እየገለጥን።

ማክሰኞ፣ ቁመቱን መቁጠር

የሶፋው አሮጌ እግር 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ያለ እግሩ፣ ከሥር እስከ መቀመጫ ጣውላው 22። ስፖንጁ 12 እንዲሆን አስበናል። 22፣ 5 እና 12 ሲደመር 39 ነው። የእናቱ ወንበር 42 ነው። ጠንካራ ስፖንጅም ቢሆን ሰው ሲቀመጥበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ባዶውን 44 መሆን አለበት። እግሩን 10 ብናደርገው 22፣ 10 እና 12፣ ልክ 44።

ጥልቀቱ 60 ነው። 12 ውፍረት ያለው መደገፊያ ከኋላ ሲቆም 48 ይቀራል። ከ47 በ1 ብቻ ይለያል። ታምራት ሒሳቡን ሁለቴ ደመረና ሳቀ።

እግሮቹን አናጢ በ800 ብር ሠራልን። ታምራት በኮላና በብሎን አሰራቸው።

ቅዳሜ፣ ስፖንጁ በሚዛን

ስፖንጅ ስትገዛ ሁሉም ሻጭ «ጠንካራ ነው» ይላል። ጣትን ጫን ማድረግ አይበቃም። ጥራቱ ያነሰ ስፖንጅም መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ ከወራት በኋላ ይሰምጣል። የሚያሳየው ክብደቱ ነው። 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ መጠኑ 0.2 ሜትር ኩብ ነው። ሻጩ «ዴንሲቲው 30 ነው» ካለ፣ አንድ ሜትር ኩብ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ቁራጭ 6 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት። 4 ኪሎ ካልሞላ 30 አይደለም፤ ከ20 በታች ነው።

ሻጩ ሚዛን አልነበረውም። አጠገቡ ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ሚዛናቸውን አዋሱን። ጠቅልለን ሰቀልነው። 4 ኪሎ እንኳን አልሞላም። ሻጩ አልተከራከረም፤ ከኋላ ሌላ አመጣ። ያኛው ከ6 ኪሎ ትንሽ ቢያንስ ነው። 6,000 ብር ገዛነው። ከላይ ለሚለብሰው 2 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ 1,400 ከፈልን።

አቆራረጡ ታምራት ያሰበው ነው። የሶፋው ወርድ 180 ሴንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ጥልቀት 60፣ የመደገፊያው ቁመት 40። 60 እና 40 ሲደመር 100። ስለዚህ አንዱ ስፖንጅ በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ መቀመጫውንም መደገፊያውንም ሰጠን። ከጫፉ የተረፈው 20 ሴንቲ ሜትር ለክንድ ማሳረፊያው ሆነ። የተጣለ ቁራጭ የለም። በዳቦ ቢላ ቆረጥነው። ቢላው ረጅምና ጥርስ ያለው ሲሆን ሳይጫኑት ቀስ ብሎ በመጋዝ አኳኋን መሳብ ነው። ተጭነው ከቆረጡት ጫፉ ይጎብጣል።

እሑድ፣ ጨርቅ

እዚህ ላይ ደግሞ ትንሽ ተጋጨን። ታምራት ነጣ ያለ ክሬም ፈለገ፤ ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ይከፍተዋል አለ። እኔ ቡና ቀለም አልኩ። ክሬም ጨርቅ ለማጠብ ዕድሜ ልክ መጎንበስ የእኔ ድርሻ እንዳይሆን ሰጋሁ። ነገርኩት።

«እኔ አጥባለሁ» አለ።

«ዛሬ ነው እንዲህ የምትለው።»

«ዚፕ ስፊበትና አውልቄ እኔ አጥባለሁ። ካላጠብኩ ቡና ቀለም ትገዢበታለሽ።»

ዚፕ ጥሩ ሐሳብ ነው። እውነትም የሚወልቅ ልብስ ካለው ቀለሙ ያን ያህል አያስጨንቅም። በመጨረሻ የሁለታችንም ያልሆነ ቀለም ያዝን፤ እንደ ደረቅ ሣር ያለ ቢጫማ። ቆሻሻ አያጎላም፣ ቤቱንም አያጨልምም።

ወፍራም የሶፋ ጨርቅ ወርዱ 1.40 ነው። በሜትር 600። በጣም ለመቆጠብ የማይታየውን ክፍል ሁሉ በአቡጀዲ አደረግሁት። የመቀመጫው ሥርና የኋላ ጠርዙ፣ የመደገፊያው ጀርባና የታች ጠርዙ ለማንም አይታይም። እነዚህ ሲቀነሱ ለመቀመጫው ወርዱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ለመደገፊያው 55 ጨርቅ ብቻ ይበቃል። ድምሩ 130 ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ 2 ሜትር ከ10 ቁራጭ ወጡ። ለክንዶቹና ለፊት ጣውላው 2.40 ጨመርኩ። በአጠቃላይ 4.50 ሜትር፣ 2,700 ብር። አቡጀዲው 5 ሜትር፣ 600 ብር።

አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳልቆርጠው አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ነክሬ አድርቄ ተኮስኩት። ይህን ያልሠራ ሰው ልብሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጥበው ሥሩ አጥሮ ላዩ ይጨማደዳል።

የሰሙነ ሕማማት ዋዜማ፣ ስፌት

እንጨቱን ደግመን አየነው። ነጥብ የለም፣ ቆዳ የለም። ወደ ሳሎን ገባ።

ታምራት ከሥሩ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀበቶ ወጠረ። 500 ብር ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከፊት ወደ ኋላ ወጠረና፣ በአግድም ደግሞ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈ ጠለፈው። ሁሉም እኩል እንዲወጠር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን እያንዳንዱን በ50 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ 60 እስኪሆን ስቦ ነው የመታው። አንዱ ከላላ ስፖንጁ እዚያ ጋ ይሰምጣል።

ለእኔ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቁን ከዘጋ በኋላ የስፌት መኪናውን ፈቀደልኝ። በ16 ቁጥር መርፌ ጀመርኩ። ጨርቁ አራት ድርብ በሚሆንበት ማዕዘን ላይ መርፌው ክር ይዘላል፤ ወደ 18 ቀየርኩና ተስተካከለ። ስፌቱን ረዘም አደረግሁት፤ ወፍራም ጨርቅ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳዋል። ልብሱን ከስፖንጁ በ1 ሴንቲ ሜትር አሳነስኩት። ያኔ ስፖንጁ ገብቶ ይወጥረዋል። እኩል ከሆነ በሳምንቱ ይላላል። ዚፑ ከኋላ በኩል ረጅሙን ጎን ሙሉ ይሄዳል፤ አጭር ዚፕ ከሆነ ስፖንጁን ለማስገባት ልብሱ ይቀደዳል። ዚፕ፣ ክርና ሚስማር 450 ብር ፈጀ።

ስፖንጁን ማስገባት ለአንድ ሰው ይከብዳል። በቀጭን ላስቲክ ጠቀለልነው፤ ታምራት ያዘ፣ እኔ ልብሱን አጠለቅሁ፣ ከዚያ ላስቲኩን ሳብነው። ተንሸራቶ ገባ።

ለካነው። ባዶውን 44 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ታምራት ሲቀመጥ 42። «ተነስ እስቲ» አልኩት። በአንድ ጊዜ ተነሳ።

የሶፋው ወጪ ሁሉ ተደምሮ 18,350 ብር መጣ። 6,650 ቀረን።

የፋሲካ ማግስት

እናቱ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ምንም አልነገርናቸውም። ሳሎኑን አዩ፣ ሶፋውን አዩ፣ ከሶፋው ይልቅ በር አጠገብ ወዳለችው የፕላስቲክ ወንበር ሄዱ። ለምደውት ነው፤ የሚነሱበትን ቦታ አስቀድመው መምረጥ። ታምራት «እማዬ፣ እዚህ ሁኚ» አላቸው። አመነቱ። ክንድ ማሳረፊያውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተሹትና ተቀመጡ።

ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን ጠጥተው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ክንዱን ተደግፈው ተነሱና ወደ ጓዳ ገቡ። ታምራት እኔን አየ። እኔም አየሁት። እሳቸው ልብ አላሉትም፤ ጓዳ ገብተው የሽንኩርቱን አቆራረጥ ያስተካክሉ ነበር።

ማታ ላይ «ቀኝ ክንዱ ትንሽ ይነቃነቃል» አሉ። እውነት ነው። እሳቸው የሚጫኑት በዚያ እጅ ስለሆነ ሸክሙ አንድ ወገን ላይ ወድቋል። ታምራት ዛሬ ጠዋት ከውስጥ በኩል ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ድጋፍ በኮላና በሁለት ብሎን ጨመረበት። ኮላው እስኪደርቅ እስከ ነገ እንዳይጫኑት ነገርናቸው፤ በግራው በኩል ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው ይህን ሶፋ ቢሠራ ድጋፉን ጨርቅ ከመልበሱ በፊት ያስገባ፤ ኋላ ለማስገባት የክንዱን ሥር መፍታት ግድ ሆኖብናል።

ቀጥሎ አልጋ ነው። አናጢው ለባሕር ዛፍ አልጋ 9,000 ብሏል። ከእጃችን 2,350 ይጎድላል፤ የሚያዝያ ደመወዝ ይሞላዋል። ታምራት ቁመቱ 35 ይበቃል ይላል። እኔ ከሥሩ መጥረጊያ እንዲገባና ዕቃ እንዲቀመጥ 45 እፈልጋለሁ። ገና አልተስማማንም። ሐሙስ ሁለታችንም ሜትር ይዘን አናጢው ጋ እንሄዳለን።